ሁለት ሳጥን አሸዋ ስንት ኪሎ ነው? የኮዬ ፈጬ ሳይት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሳይቱ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አለፍ ብሎ ነው። ቤቱ ጂ+1 ሲሆን የምድሩ ኮለኖች ተሞልተው አልቀዋል። ቀጣዩ ሥራ የመጀመሪያው ሶሌታ፣ ማለትም የላይኛው ፎቅ የኮንክሪት ወለል ነው። ከቢሙ ጋር 12 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ግን ገና አልወጣም። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት ይጥላል፣ ማታ ይቆማል። አሸዋችን ሜዳ ላይ ተከምሮ ይህን ሁሉ ይቀበላል።

ይህን ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት በአንድ ኮለን ምክንያት ነው። ፎርም ወርኩ ሲፈታ ግርጌው ላይ ጠጠሩ ተራቁቶ ታየ። በጠጠርና በጠጠር መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ቫይብሬተሩ በደንብ ሠርቷል፣ ብረቱም አልተጠጋጋም። ኮንክሪቱ ራሱ አሸዋ ያነሰው ይመስላል። ፎርማናችንን ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ኢንጂነር፣ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። አንድም አልተጓደለም።»

እውነታቸውን ነው። ቆሜ ሲቆጠር አይቻለሁ። ስለዚህ መመርመር ያለበት የሳጥኑ ቁጥር ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ኪሎ ነው።

ላቦራቶሪው የሰጠን ቅይጥ በክብደት የተጻፈ ነው። ለአንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 740 ኪሎ አሸዋ፣ 1,120 ኪሎ ጠጠርና 180 ሊትር ውኃ ይላል። አሸዋውና ጠጠሩ የተሰሉት በደረቁ ነው። ውኃው ደግሞ ቁሶቹ ይዘውት የሚመጡትንም ያካትታል። ይህን ወደ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሳወርደው 103 ኪሎ አሸዋ፣ 156 ኪሎ ጠጠርና 25 ሊትር ውኃ ይሆናል። አንድ ከረጢት ወደ 139 ሊትር ኮንክሪት ይሰጣል ማለት ነው።

ሳይቱ ላይ ግን ኪሎ የሚያውቅ የለም። ሁሉም የሚያውቀው ሳጥን ነው። ከሳጥን ወደ ኪሎ የሚያሻግረው አንድ ቁጥር አለ፤ እሱም የአሸዋውና የጠጠሩ ዩኒት ዌይት ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ቦታ የያዘ አሸዋ፣ በፍሬዎቹ መካከል ካለው አየር ጋር ስንት ኪሎ ይመዝናል? ጥያቄው ይኸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት

መጀመሪያ ሳጥኑን አረጋገጥኩ። በውስጥ በኩል 50 በ40 ሴንቲሜትር ነው፣ ከፍታው 18። ሲባዛ 36,000 ሴንቲሜትር ኪዩብ ይመጣል፣ ማለትም 36 ሊትር ወይም 0.036 ሜትር ኪዩብ። ጣውላ ግን ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ ውስጡን በላስቲክ አልብሰን ውኃ ሞላንበትና መዘንነው። የውኃው ክብደት 35.9 ኪሎ ሆነ። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ በዚህ ሙቀት 998 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የሳጥኑ ይዘት 0.036 ሜትር ኪዩብ ነው። ሳጥኑን አመንኩት።

ሚዛኑን ከእህል ነጋዴ ተውሰን ነው ያመጣነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ሚዛን እንዲሁ ከተቀመጠበት ይሰምጥና ያዘነብላል። ከሥሩ ወፍራም ኮምፖርሳቶ አነጠፍንለት። ከዚያ ባዶውን ሳጥን መዘንኩ፦ 6.4 ኪሎ።

ለንጽጽር ደረቅ አሸዋ ያስፈልገኝ ስለነበር ከክምሩ የተወሰደ አሸዋ ትናንት ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ውሏል። እሱን በአካፋ ቀስ ብለን ሞላን። አካፋው ከሳጥኑ አፍ ብዙም ከፍ አይልም፣ አሸዋው አይወረወርም፣ ሳጥኑም አይነቀነቅም። ከሞላ በኋላ ቀጥ ባለ ጣውላ አፉን ላጨነው። ጠቅላላ ክብደቱ 57.5 ኪሎ መጣ። ሳጥኑ ሲቀነስ 51.1 ኪሎ አሸዋ ይቀራል።

```
51.1 ÷ 0.036 = 1,419
```

1,420 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ብዬ ያዝኩት። መለኪያው ራሱ ከዚህ የበለጠ አይለይም።

ጠጠሩ ባለ 02 ነው፤ የተፈጨ ባዛልት። በዚሁ አሞላል 51.8 ኪሎ መጣ። ይህም 1,440 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ነው።

እነዚህን ይዤ የቅይጡን ኪሎ ወደ ሳጥን መለስኩት። 103 ኪሎ አሸዋ ለ51.1 ሲካፈል 2 ሳጥን ይሆናል። 156 ኪሎ ጠጠር ለ51.8 ሲካፈል 3 ሳጥን። የፎርማኑ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» በኪሎም ትክክል ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን ሳሳያቸው «አላልኩም?» አሉ። ብለዋል። ግን ይህ የሚሠራው አሸዋው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው፤ በዚህ ወር ደግሞ እኛ ሳይት ላይ ደረቅ አሸዋ የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት

እርጥቡን ከመመዘኔ በፊት የላቦራቶሪውን ወረቀት ከኔ ቁጥር ጋር አስተያየሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል በደንብ ልጻፈው።

ወረቀቱ የአሸዋውን ዩኒት ዌይት በግራም በሴንቲሜትር ኪዩብ ነው የጻፈው፦ 1.56። ይህ በ1,000 ሲባዛ ኪሎ በሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ 1,560። ፎርማኑ ጋ ያለው አሮጌ ሰንጠረዥ ደግሞ በፓውንድ በኪዩቢክ ፉት ነው። ለአሸዋ 98 ይላል። ይህን ለመቀየር በ16.018 ማባዛት ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ደግሞ 35.315 ኪዩቢክ ፉት ይገባል። ሁለቱ ሲባዙ 16.018 ይሰጣሉ። 98 በዚህ ሲባዛ 1,570 ይመጣል።

ወረቀቱ 1,560፣ ሰንጠረዡ 1,570፣ የኔ ሳጥን 1,420። ሁለቱ ተስማምተው የኔው ብቻ ወደ ታች ቀረ። ይህን የሚያይ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ሚዛኑን ነው። ሚዛኑ ግን ምንም አልሆነም። ልዩነቱ ያለው አሞላሉ ላይ ነው።

የላቦራቶሪው ቁጥር የተጠቀጠቀ አሸዋ ቁጥር ነው። በአሜሪካው የመፈተሻ ደረጃ፣ በኤኤስቲኤም ሲ29 ዘዴ መሠረት ዕቃው በሦስት ንብርብር ይሞላል። እያንዳንዱ ንብርብር ጫፉ ክብ በሆነ ባለ 16 ሚሊሜትር ብረት 25 ጊዜ ይወጋል። ፍሬዎቹ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ክብደቱ ከፍ ይላል። ቅይጥ የሚያወጣው ባለሙያ የተጠቀጠቀ ቁጥር የሚፈልግበት በቂ ምክንያት አለው፤ የጠጠሩን መጠን የሚወስነው በጠጠሩ የተጠቀጠቀ ክብደት ነውና። ያው ዘዴ በአካፋ ልል ሆኖ የሚሞላበትም አሠራር አለው፤ ነገር ግን ወረቀታችን ላይ የተጻፈው የተጠቀጠቀው ብቻ ነው። ሳይት ላይ ሳጥን የሚሞላ ልጅ ደግሞ አሸዋ አይጠቀጥቅም። በአካፋ ጭኖ ይሄዳል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በ1,560 አስልቶ «103 ኪሎ አሸዋ 66 ሊትር ነው፣ 1.83 ሳጥን ይበቃል» ቢል፣ ሳጥኑ ልል ሆኖ ስለሚሞላ የሚያገኘው 94 ኪሎ ገደማ ነው። ከመጀመሪያው 9 በመቶ ጎደለ። ጠጠሩም እንዲሁ ነው፤ የተጠቀጠቀው 1,570 ስለሆነ 156 ኪሎው 2.76 ሳጥን ሆኖ ይሰላና 143 ኪሎ ብቻ ይገባል።

ስለዚህ ኪሎ በሜትር ኪዩብ የሚል ቁጥር ሲሰጠኝ አሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ልል ነው ወይስ የተጠቀጠቀ? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ይህ ካልታወቀ ቁጥሩ ላይ ሳጥን አልሠራም።

ረቡዕ ጠዋት

ዛሬ ከክምሩ ጎን፣ ልጆቹ እንደወትሮው ከሚጭኑበት ቦታ እርጥቡን አሸዋ መዘንኩ። ያው ሳጥን፣ ያው አካፋ፣ ያው አሞላል። ሳጥኑ ሲቀነስ 42.9 ኪሎ።

ሚዛኑን ከበው የነበሩት የቀን ሠራተኞች አላመኑም። አንዱ «ውኃ የጠጣ አሸዋ እንዴት ይቀላል?» አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አንድ አካፋ እርጥብ አሸዋ ክንድ ላይ ይከብዳል፣ ይህ የታወቀ ነው። ሳጥን ሙሉው ግን ከደረቁ 8 ኪሎ ቀለለ።

ምክንያቱ አሸዋው ማበጡ ነው። ትንሽ ውኃ ሲኖር እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ስስ ውኃ ይለብሳል። ያ ስስ ውኃ ፍሬዎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ተንሸራተው ክፍተቱን እንዳይሞሉ ይይዛቸዋል። እርጥብ አሸዋ ጨብጦ እጁን የከፈተ ሰው ይህን አይቶታል፤ አሸዋው የመዳፉን ቅርጽ ይዞ ይቆማል። ሳጥን ውስጥም እንደዚያው ቆሞ ይቀራል፣ በመሃሉም አየር ይይዛል።

ከ42.9 ኪሎው ስንቱ ውኃ ነው? ይህን ለማወቅ 1,000 ግራም እርጥብ አሸዋ ብረት ምጣድ ላይ አድርገን በከሰል አደረቅነው። በማንኪያ እያገላበጥን፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ። መድረቁ የሚታወቀው ከላዩ የተያዘ መስታወት ላብ ማውጣቱን ሲያቆም ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ 952 ግራም ሆነ። 48 ግራም ውኃ ለ952 ሲካፈል 5 በመቶ ነው። የምናካፍለው ለደረቁ እንጂ ለእርጥቡ አይደለም፤ ቅይጡ የተጻፈው በደረቅ ኪሎ ነውና።

```
42.9 ÷ 1.05 = 40.9
40.9 ÷ 0.036 = 1,136
```

አንድ ሳጥን እርጥብ አሸዋ 40.9 ኪሎ አሸዋና 2 ኪሎ ውኃ ይዟል። በሜትር ኪዩብ ሲታሰብ 1,420 የነበረው ደረቅ አሸዋ 1,136 ሆነ። 51.1 ለ40.9 ሲካፈል 1.25 ይሰጣል። አሸዋው በ25 በመቶ አብጧል።

አሁን ወደ ኮለኑ እንመለስ። ሁለት ሳጥን እርጥብ አሸዋ 82 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ነው። ይገባ የነበረው 103 ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት 21 ኪሎ አሸዋ ጎደለ። በዚያ ላይ አሸዋው 4 ሊትር ውኃ ይዞ ገባ። ሚክሰሩ ጋ ያለው ልጅ 25 ሊትሩን እንዳለ ሲጨምር ውኃው 29 ደረሰ። ጠጠሩን የሚያለብሰው አሸዋ ቀነሰ፣ ሲሚንቶውን የሚያቀጥነው ውኃ ጨመረ። በዚህ ዓይነት ኮንክሪት ጠጠሩ ወደ ግርጌ ይወርዳል፣ ቀጭኑ የሲሚንቶ ውኃም በፎርም ወርኩ ስንጥቅ ይፈስሳል። ያየነውም ይህንኑ ነው።

ኮንክሪቱ መጠኑም ያንሳል። አንድ ከረጢት 139 ሊትር መስጠቱ ቀርቶ ወደ 135 ይወርዳል። ለሶሌታው 12 ሜትር ኪዩብ ይህ ከ87 ከረጢት ወደ 89 መውጣት ነው። የጎደለውን አሸዋ ቦታ ሲሚንቶ ሞላልን ማለት ነው፤ በሲሚንቶ ዋጋ። የቤቱ ባለቤት ይህን ሲሰሙ ነው ሚዛኑ እስከ ሙሌቱ እንዲቆይ የፈቀዱት።

ሐሙስ

ትናንት ከሰዓት በኃይለኛው ዘነበ። ክምሩን ላስቲክ አላለበስነውም። ስለዚህ ዛሬ ሦስተኛ ዓይነት አሸዋ አገኘሁ።

በምጣድ ሲለካ እርጥበቱ 9 በመቶ ሆነ። አንድ ሳጥን 48.4 ኪሎ መዘነ። ከትናንቱ 42.9 ጋር ሲተያይ 5.5 ኪሎ ጨምሯል። ክብደቱን ብቻ ያየ ሰው የጨመረው ሁሉ ዝናብ ነው ይላል። ስናሰላው ግን 44.4 ኪሎ አሸዋና 4 ኪሎ ውኃ ነው። ከጨመረው 5.5 ኪሎ ውስጥ ውኃው 2 ብቻ ነው፤ 3.5ቱ አሸዋ ነው። ውኃው በዛ፣ ፍሬዎቹን ያያዘው ስስ ሽፋን ላላ፣ አሸዋውም ወደ መቀመጥ ጀመረ። እብጠቱ ከ25 ወደ 15 በመቶ ወረደ። አሸዋው ጨርሶ ውኃ ውስጥ ቢሆን እብጠቱ ይጠፋል።

በምጣድ ማድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ለሙሌት ቀን የሚሆን ፈጣን መንገድም ስላለ ዛሬ እሱን ሞከርኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ግልጽ ማሰሮ ያስፈልጋል። እርጥቡን አሸዋ ሳንጠቀጥቅ እስከ 20 ሴንቲሜትር ሞላነው። ከዚያ ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጥነው። ማሰሮውን እስከ ግማሽ ውኃ ሞልተን አሸዋውን ቀስ በቀስ መለስነው፤ በዘንግ አማሰልነውና እስኪረጋ ጠበቅን። የአሸዋው ከፍታ 17.4 ሴንቲሜትር ላይ ቆመ። 20 ለ17.4 ሲካፈል 1.15 ነው። በሚዛን ካገኘሁት 15 በመቶ ጋር ገጠመ። በትናንቱ አሸዋ ቢሆን 16 ላይ ይቆም ነበር። ማሰሮው እብጠቱን ይነግረናል እንጂ እርጥበቱን አይነግረንም፤ ለውኃው ቅናሽ ምጣዱ የግድ ነው።

አሁን በክብደትና በሳጥን መለካትን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለት ሳጥን የሚል ትእዛዝ በሦስቱ አሸዋዎች 102፣ 82 እና 89 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ሰጠ። «103 ኪሎ መዝን» የሚል ትእዛዝ፣ እርጥበቱን ማንም ባያስተካክል እንኳ፣ 103፣ 98 እና 94.5 ይሰጣል። ሚዛን የሚሳሳተው በውኃው ክብደት ልክ ብቻ ነው። ሳጥን የሚሳሳተው ውኃው አሸዋውን ባሳበጠው ልክ ነው። 5 በመቶ ውኃ ለሚዛን የ5 በመቶ ስህተት ሲሆን ለሳጥኑ 20 በመቶ ጉድለት ሆነ። የዚህ ሁሉ ልፋት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ጠጠሩ እንዲህ አያስቸግርም። ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ስስ ውኃ ሊያራርቀው አይችልም። ዝናብ የመታው ጠጠር ሳጥኑ ላይ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጠጠር ችግር ሌላ ነው፤ ልጆቹ ቆልለው ያመጡታል። የተላጨው ሳጥን 51.8 ኪሎ ነው፣ ቆልለው ያመጡት ግን 58 መዘነ። ሦስት ቁልል ሳጥን 174 ኪሎ ነው፤ ከሚገባው 18 ኪሎ ይበልጣል። ያበጠ አሸዋና የተቆለለ ጠጠር ሲገናኙ ኮንክሪቱ ጠጠር ብቻ ይሆናል።

ሲሚንቶን በተመለከተ አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፤ በሳጥን አይለካም። መጽሐፍ ላይ ልል ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ተብሎ ይወሰዳል፤ 50 ኪሎው ወደ 35 ሊትር ነው። ግን ከከረጢት ሲገለበጥ አየር ይገባበታል፣ ሲቆይ ደግሞ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ አይጨበጥም። ሙሉ ከረጢት ይከፈታል፣ ሙሉው ይገባል።

ዓርብ

እያንዳንዱን አካፋ እንመዝን ቢባል ሶሌታው በአንድ ቀን አያልቅም። ሚዛኑ አንድ ነው፣ ጭቃውም አያፈናፍንም። ስለዚህ በሳጥን እንለካለን፤ ሳጥኑን ግን ሚዛኑ ያዘዋል።

አናጺው ለአሸዋው ሳጥን ተጨማሪ ጠርዝ ሠራ። ሂሳቡ ቀላል ነው። 25 በመቶ ያበጠ አሸዋ ሁለት ሳጥን መሆኑ ቀርቶ ሁለት ተኩል መሆን አለበት። ግማሽ ሳጥን በዓይን መለካት ግን ጭቅጭቅ ያመጣል። ሳጥኑን ከፍ ማድረግ ይሻላል። 18 ሴንቲሜትር በ1.25 ሲባዛ 22.5 ነው። የ4.5 ሴንቲሜትር ጠርዝ ተጨመረ፣ ቆጠራው «ሁለት» እንደሆነ ቀረ። ፎርማኑ ይህን በጣም ወደዱት። «ልጆቹ የሚያውቁትን አትቀይሪባቸው፣ ዕቃውን ቀይሪው» አሉኝ።

እብጠቱ ሲቀንስስ? ከውስጥ በኩል ሚስማር እየመታን መስመር አወጣን። 15 በመቶ ሲሆን 20.7 ሴንቲሜትር፣ 20 በመቶ ሲሆን 21.6፣ 25 ሲሆን እስከ አፉ። ከአፉ በታች ላሉት መስመሮች መላጫው ጣውላ ትከሻ ወጣለትና ሳጥኑ ውስጥ ወርዶ በልኩ ይልጋል።

ውኃውም ተስተካከለ። 103 ኪሎ አሸዋ በ5 በመቶ እርጥበት 5 ሊትር ገደማ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሚክሰሩ ላይ የሚጨመረው 20 ሊትር ነው። ይህ አንድ ጀሪካን መሆኑ ሥራ አቀለለ። ጀሪካኑን ባዶውንና ሙሉውን መዝነን 20 ኪሎ ውኃ የሚደርስበትን ቦታ ምልክት አደረግንበት።

ማታ ክምሩ በላስቲክ ተሸፈነ። ማድረቅ አይደለም ዓላማው፤ ጠዋት የለካሁት ከሰዓትም እንዲሠራ ነው።

ቅዳሜ፣ የሙሌት ቀን

ሥራው የተጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ማሰሮው 16 ላይ ቆመ፣ ምጣዱም 5 በመቶ ሰጠ። እስከ አፍ እየሞላን ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ ቅይጦች ለልጆቹ ደረቅ መሰሏቸው። ሚክሰሩ ጋ ያለው ልጅ ውኃ ለመጨመር ባልዲ አነሳ። ፎርማኑ ከለከሉትና ትንሽ እንዲዞር አደረጉ። ከ2 ደቂቃ ዙረት በኋላ ቅይጡ ተለሰለሰ። አሸዋው በልኩ ስለገባ ጠጠሩ ሁሉ ተለብሷል። በአካፋ ጀርባ ሲዳበስ ሸካራ አይልም፣ ቀጭን ውኃም በጎኑ አይፈስስም። ቫይብሬተሩ ሲወጣ ጉድጓዱ በራሱ ይዘጋል።

6 ሰዓት ላይ እንደገና ለካሁ። ክምሩ ሲጫን ላስቲኩ ተገልጦ ስለነበር ፀሐይ አግኝቶታል። ማሰሮው 16.6 ላይ ቆመ፤ እብጠቱ ወደ 20 በመቶ ወርዷል። በምጣድ እርጥበቱ 3 በመቶ ሆነ። ወደ 21.6ቱ መስመር ወረድን፣ ውኃውን ወደ 22 ሊትር አሳደግን። ይህ ባይደረግ ከቀትር በኋላ አሸዋው በ4 በመቶ ይበልጥ ነበር፣ ውኃውም ያንስ ነበር፤ ልጆቹም ደረቀብን ብለው በባልዲ ይጨምሩ ነበር።

ሶሌታው ሲያልቅ ባዶ ከረጢቶቹን አስቆጠርኩ። 88 ናቸው። በስሌቱ 87 ነበር የሚበቃው። አንዱ በፎርም ወርኩ ትንሽ ማበጥና መሬት ላይ በፈሰሰው ይታሰባል። ለጥንካሬ ፍተሻ የሚሆኑ ኪዩቦችም ጠዋትና ከሰዓት ለየብቻ ተወስደው ውኃ ውስጥ ገብተዋል።

ማክሰኞ

ለደረጃውና ለላይኛው ኮለን አዲስ አሸዋ በሲኖትራክ መጣ። ሻጩ ያው ነው፣ አሸዋው ግን ሌላ ነው፤ ደቀቅ ያለና ቀለል ያለ። አናጺው የተሠራውን ሳጥን ይዞ መጣና «እስከ አፉ ነው?» አለ። እንለካ አልኩት።

ደርቆ ሲመዘን ልሉ 1,350 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ሆነ። አንድ ባለ 18 ሳጥን የሚይዘው 48.6 ኪሎ ብቻ ነው። ማሰሮው ደግሞ 15.4 ላይ ቆመ፤ 30 በመቶ አብጧል። ደቃቅ አሸዋ ለውኃው የሚያቀርበው ገጽ ብዙ ስለሆነ ይበልጥ ያብጣል። ሂሳቡ እንዲህ ሄደ፦

```
103 ÷ 1,350 = 0.0763
0.0763 × 1.30 = 0.0992
0.0992 ÷ 2 = 0.0496
0.0496 ÷ 0.20 = 0.248
```

የመጨረሻው 0.20 የሳጥኑ ወለል ስፋት ነው፣ 50 በ40 ሴንቲሜትር። ከፍታው 24.8 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። አሮጌው 22.5 ቢቀጥል ኖሮ በየከረጢቱ 9 ኪሎ ገደማ አሸዋ ይጎድል ነበር። አናጺው 2.3 ሴንቲሜትር ጨመረበት፤ እኔም አሸዋው ደቃቅ በመሆኑ ናሙናውን ለወንፊት ፍተሻ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ከአዲሱ ክምር ለኮለን አይጫንም፤ ልጆቹ ከድሮው በተረፈው የደረጃውን መደብ እየሞሉ ነው፣ በ22.5ቱ ምልክት።